ክርስትናው እሁድ፣ ሺፍቱም እሁድ

አንዲት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ አለች እንበል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሦስት ሺፍት በሚሠራ ሆቴል። የእህቷ ልጅ ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ተወለደች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነውና ቀኑ ሲቆጠር ሚያዝያ 18 ላይ ዋለ፤ እሁድ። የሚያዝያው ሮስተር ሲለጠፍ ደግሞ የእሷ ስም በዚያው እሁድ የጠዋት ሺፍት ላይ ሰፍሯል። ሕፃኗ ቤተ ክርስቲያን በምትገባበት ሰዓት አክስቷ የሆቴሉን እንግዶች እየሸኘች ነው ማለት ነው።

ብዙ ሠራተኛ እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ፈቃድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለቤተሰብ ጉዳይ የሚሰጠው ከደመወዝ ጋር የሆነ የ3 ቀን ፈቃድ ግን ጠበብ ያለ ነው። ሠራተኛው ራሱ ሲያገባ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው፣ ወላጁ፣ ልጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመዱ ሲሞት ይሰጣል፤ አባት ደግሞ ልጅ ሲወለድለት 3 ቀን ያገኛል። የእህት ሠርግ፣ የእህት ልጅ ክርስትና፣ የአጎት ተዝካር እዚያ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ወንድም ሲሞት ሺፍት ለመቀየር ሰው መለመን ስህተት ነው፤ ፈቃዱ በሕግ የተሰጠ ነው። ለክርስትና ግን ሁለት መንገድ ነው ያለው፦ ከዓመት ፈቃድ አንድ ቀን መቁረጥ ወይም ሺፍት መቀያየር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተገኝቶ፣ ምሳ ቀምሶ ከሰዓት ሥራ መግባት የሚቻል ከሆነ የዓመት ፈቃድን ማባከን አያስፈልግም።

እንግዳ ተቀባይዋ ያመለጣት ነገር ቢኖር ጊዜው ነው። ክርስትና ቀኑ ከልደት ጀምሮ የሚታወቅ ድግስ ነው። ሮስተሩ ከመለጠፉ በፊት ለሱፐርቫይዘሯ «ሚያዝያ 18 ጠዋት እንዳልመደብ» ብላ ቢሆን ኖሮ አንድ ስም ሌላ ቦታ መጻፍ ብቻ ይበቃ ነበር። ከተለጠፈ በኋላ ግን የሌላ ሰው ቀን መንካት ግድ ይሆናል። ያውም ወቅቱ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወራት ነው፤ እሁድን የሚፈልገው እሷ ብቻ አይደለችም።

ሮስተሩ ሦስት ሺፍት አለው፦ ጠዋት ከ07:00 እስከ 15:00፣ ከሰዓት ከ15:00 እስከ 23:00፣ ሌሊት ከ23:00 እስከ 07:00። የሚያዋጣት በዚያው እሁድ ከሰዓት የተመደበ ሰው አግኝታ ቦታ መለዋወጥ ነው። እንዲህ ሲሆን የማንም የሥራ ቀን አይጨምርም፣ የማንም የዕረፍት ቀን አይጠፋም።

ከሰዓት የተመደቡት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያውን ስትጠይቀው «ችግር የለም» አላት። እሁድን ብቻ ላየ ነገሩ አለቀ። ቅዳሜን ላየ ግን አላለቀም፤ ይህ ባልደረባ ቅዳሜም የሚሠራው ከሰዓት ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ወጥቶ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሊገባ ነው። በመካከል ያለችው 8 ሰዓት ናት፤ ከእሷም ላይ የመንገዱ ይቀነሳል። እንዲህ የገባ ሰው ቢያረፍድ ወይም ሒሳብ ቢያሳስት የሚገርም አይደለም። ልምድ ያለው ሱፐርቫይዘር ቅያሪ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ነው፦ የሁለቱንም ሰዎች የዋዜማ ቀንና የማግስት ቀን።

ሁለተኛዋ ባልደረባ ቅዳሜ ዕረፍት ናት፤ እሁድ ጠዋት አርፋ ትገባለች። የእንግዳ ተቀባይዋ ቋሚ የዕረፍት ቀን ደግሞ ሰኞ ነው፤ እሁድ ከምሽቱ 5 ሰዓት ብትወጣም በማግስቱ ጠዋት የሚጠብቃት ሥራ የለም። ሕጉ በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ያዛል፤ በዚህ ቅያሪ የሁለቱም ዕረፍት እንዳለ ነው። አንድ ነገር ይቀራል፦ ባልደረባዋ የጠዋቱን ሥራ ታውቀዋለች? ጠዋት እንግዳ የሚወጣበት፣ ሒሳብ የሚዘጋበት ሰዓት ነው። ሒሳብ መዝጋት ያልለመደ ሰው ቢስማማም ሱፐርቫይዘሩ ላይፈቅድ ይችላል፤ ትክክልም ነው።

ሁለቱ ተስማሙ ማለት ግን ሺፍቱ ተቀየረ ማለት አይደለም። ሱፐርቫይዘሩ ፈርሞ ሮስተሩን እስኪያስተካክል ድረስ የእሁድ ጠዋቱ ስም የእሷ ነው። ባልደረባዋ በዚያ ቀን ብትታመምና ባትመጣ ቀሪ ተብላ የምትመዘገበው በስልክ ተስማምታ የቀረችው ናት። የአሻራ ማሽኑም ስምምነቱን አያውቅም፤ ጠዋት ያልገባችውን ቀሪ፣ ሳትመደብ የገባችውን ደግሞ ግራ አጋቢ አድርጎ ይመዘግባል። ነገሩ ወር ላይ ደመወዝ ሲሠራ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ማስረዳት ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ ግልባጩም ለሰው ኃይል ይድረስ።

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም፦

ቀን፦ ሚያዝያ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለእንግዳ መቀበያ ክፍል ሱፐርቫይዘር
ጉዳዩ፦ የሺፍት ቅያሪ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ
እሁድ ሚያዝያ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. (26/04/2026) ከ07:00 እስከ 15:00 ተመድቤያለሁ። በዚያ ጠዋት የእህቴ ልጅ ክርስትና ስለሆነ፣ በዚሁ ቀን ከ15:00 እስከ 23:00 ከተመደበችው ባልደረባዬ ጋር እንድቀያየር እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ባልደረባዬ መስማማቷን ከታች በፊርማዋ አረጋግጣለች። የሁለታችንም የዕረፍት ቀን አይነካም።

ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከነዕለት ስሙ የተጻፈው ለወግ አይደለም። የሆቴል ሮስተር ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የሚሠራው፤ ሠራተኛው የሚነጋገረው ግን በሀገሩ አቆጣጠር ነው። «18 ላይ ከ9 ሰዓት ጀምሮ» የተባለውን አንዱ ሚያዝያ 18 ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሌላው ኤፕሪል 18 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብሎ ቢረዳ ድግሱም ሥራውም ይበላሻል። «እሁድ» የምትለዋ ቃል ብቻ ይህን ታስቀራለች፤ ኤፕሪል 18 ቅዳሜ ነውና።

ሱፐርቫይዘሩ እምቢ ካለ «ለምን?» ከሚለው ይልቅ «ያላስማማዎት ሰውየዋ ናት ወይስ ቀኑ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ይሻላል። ሰውየዋ ከሆነች ሌላ ተቀያሪ ይፈለጋል። ቀኑ ከሆነ፣ ለምሳሌ ትልቅ ቡድን የሚወጣበት ጠዋት ከሆነ፣ ማንም ቢተካ መልሱ ያው ነው፤ ያን ጊዜ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት ብገባስ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ሥርዓተ ጥምቀቱ በማለዳ የሚያልቅ ከሆነ ይህም ሊበቃ ይችላል።

ከተፈቀደ ደግሞ የቀኑ ፈተና ድግሱ ራሱ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ሥራ የሚገባ ሰው ከ8 ሰዓት በፊት ከቤቱ መነሳት አለበት፤ በዚያ ሰዓት ምሳው ገና እየሞቀ ነው። «አንድ ብርሌ ብቻ» የሚል ዘመድም አይጠፋም። ጠጁን ተወት አድርጋ በሰዓቱ ገብታ የካዝናውን ገንዘብ ቆጥራ ከባልደረባዋ ትረከባለች። የጠዋቷ ተረኛ እሷ ካልደረሰች መውጣት አትችልም፤ እሁዷን የሰጠቻትን ሰው ቆማ ማስጠበቅ ደግሞ ቀጣዩን ቅያሪ ከወዲሁ ያስቀራል።