ሽማግሌ አስታረቀ ማለት ኢንሹራንሱ ሰማ ማለት አይደለም

ከደሴ ወደ ኩታበር የሚሄድ ሚኒባስ እግረኛ ገጭቶ ቦይ ገባ እንበል። የእግረኛው እግር ተሰብሯል፤ ሁለት ተሳፋሪዎችና ረዳቱ ቆስለዋል። የቀሩት ልብሳቸውን አራግፈው በሌላ መኪና ሄደዋል። ማታውኑ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ባለንብረቱም «ጥፋቱ የኛ ነው፣ ማሳከሚያውን ሁሉ እችላለሁ» ብሎ ይፈርማል።

«በሽምግልና ካለቀ ኢንሹራንስ ምን ያደርጋል?» የሚለው እምነት ብዙ ባለንብረት ያከሰረው እዚህ ላይ ነው። በመኪና መድን ውሎች ውስጥ የተለመደ አንድ አንቀጽ አለ፦ መድን ገቢው ያለ ኩባንያው የጽሑፍ ፈቃድ ጥፋት ማመን፣ ካሳ መክፈልም ሆነ ቃል መግባት አይችልም። ቁስለኛውን ሆስፒታል ማድረስ፣ መጠየቅ፣ ቤተሰቡን ማጽናናት ማንም አይከለክልም፤ ሽምግልናውም ቂምን ያበርዳል፣ ይቀጥል። ጥፋትና የብር መጠን የሰፈረበት ወረቀት ላይ ግን ኩባንያው ሳያውቅ አይፈረምም።

«የትራፊክ ሪፖርት ሳይወጣ ማሳወቅ አይቻልም» የሚባለውም ተረት ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል የሚሰጠው ጊዜ አደጋው ከታወቀ ጀምሮ ቢበዛ 5 ቀን ነው። የፖሊሱ ሪፖርትና ፕላን ከዚያ ሊዘገይ ስለሚችል፣ በዕለቱ ስልክ ተደውሎ ማግስቱን የጽሑፍ ማስታወቂያ ይገባል፤ ባለንብረቱም ቀን ያለበትና ማኅተም ያረፈበት ኮፒ ይዞ ይወጣል። ሪፖርቱ ሲደርስ ይያያዛል።

ማስታወቂያው የታየውን ይናገር። ቀንና ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ታርጋው፣ የፖሊሲ ቁጥሩ፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ፣ ቁስለኞቹ የተኙበት ሆስፒታል፣ የምስክሮች ስልክ ይገባሉ። «እግረኛው ከቀኝ ወደ ግራ ሲያቋርጥ ተገጨ፤ መኪናው ቦይ ገባ» ማለት ይበቃል። ደንግጦ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ብሎ የሚጽፍ ሾፌር፣ ሳይመረመር መኪናው ብልሽት ነበረበት ብሎ መመስከሩ ነው።

ሦስተኛ ወገን ሲባል እግረኛው ብቻ የሚመስላቸው አሉ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ሥር የሕዝብ ማመላለሻ ተሳፋሪም በዚያው ሽፋን ውስጥ ነው። ስለዚህ ደህና ነኝ ብሎ የሄደውም ሰው ስምና ስልክ እዚያው ቦታው ላይ ይመዝገብ፤ የወገብና የአንገት ሕመም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። የሚኒባስ ተሳፋሪ ስም ብዙ ጊዜ የትም ስለማይጻፍ፣ በኋላ «እኔም ነበርኩ» የሚል ሰው ሲመጣ እውነተኛውን ከአስመሳዩ የሚለየው ይህ ዝርዝር ነው።

ረዳቱ ግን ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ስለሆነ ከሦስተኛ ወገን አይቆጠርም፤ ጉዳቱ የአሠሪው ኃላፊነት ነው። በማስታወቂያው ላይ ለብቻው ይጻፍ፤ ባለንብረቱም ለሾፌርና ለረዳት የተገባ ሽፋን እንዳለው ዛሬውኑ ፖሊሲውን አውጥቶ ያንብብ።