ከሪፖርቱ በፊት የሚታየው ፊልም

የባለአክሲዮኖች ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ሲከፈት፣ ብዙ ጊዜ ከቦርድ ሰብሳቢው ሪፖርት በፊት የድርጅቱን ታሪክ የሚተርክ አጭር ፊልም ይታያል። ዋሽንቱ ይነፋል፣ ድሮኑ ሕንፃውን ከላይ ያሳያል፣ ተራኪው «ስኬት» እያለ ይቀጥላል። አዳራሹ ያጨበጭባል። ሪፖርቱ እንዳበቃ ግን አንድ አዛውንት ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው «የትርፍ ድርሻችን ለምን ቀነሰ?» ይላሉ።

የፊልሙ ጸሐፊ ማሰብ ያለበት እኚህን ሰው ነው። እሳቸው ደንበኛ ሳይሆኑ ባለቤት ናቸው፤ ገንዘባቸውን አስገብተዋል፣ ከፊልሙ በኋላም ድምፅ ይሰጣሉ። ስለዚህ ስሜቱ የሚመጣው በሒሳብ ከተረጋገጠው ነገር ውስጥ መሆን አለበት።

በታሪኩ የታወቀ አንድ ድርጅት እንውሰድ። አዋሽ ባንክ ኅዳር 1 ቀን 1987 ዓ.ም. በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ተቋቋመ፤ ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት የካቲት 6 ነው። ይህን ታሪክ ለጉባኤ ፊልም የሚጽፍ ሰው ሦስት ቦታ ላይ ሊሳሳት ይችላል።

የመጀመሪያው «የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የግል ባንክ» የሚለው አባባል ነው። በ1950ዎቹ ሥራ የጀመረው አዲስ አበባ ባንክ አክሲዮን ማኅበር ደርግ እስከወረሰው ድረስ የግል ባንክ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ የሚያስታውሰው ሰው አይጠፋም። ትክክለኛው «ከደርግ ውድቀት በኋላ የመጀመሪያው» የሚለው ነው። ይህ እርማት ታሪኩን አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ልቡን ይገልጠዋል። ባንኮች የተወረሱት ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ የባንክ አክሲዮን የገዙት ሰዎች የሰው ንብረት በአዋጅ ሲወሰድ ያየ ትውልድ ናቸው። ጽሑፉ ይህን እንዲህ ሊያቀርበው ይችላል፦

ምስል፦ ጥቁር ማያ፤ «ታኅሣሥ 23 ቀን 1967»።
ድምፅ፦ በዚህ ቀን የግል ባንኮች ተወረሱ።
(ሦስት ሰከንድ ዝምታ)
ምስል፦ «ኅዳር 1 ቀን 1987»።
ድምፅ፦ 486 ባለአክሲዮኖች ገንዘባቸውን እንደገና ለባንክ አዋጡ።

እዚህ «ጀግና» ወይም «ባለ ራእይ» የሚል ቃል የለም። ድፍረቱን ሁለቱ ቀኖች ይናገራሉ።

ሁለተኛው ስሕተት ከአማካይ ይመጣል። 24.2 ሚሊዮን ብር ለ486 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ወደ 50 ሺህ ብር ይደርሳል። «እያንዳንዳቸው 50 ሺህ ብር አዋጡ» ብሎ መጻፍ ያጓጓል፤ ግን አክሲዮን እኩል አይገዛም፤ አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ይይዛል። ጥቂት የነበራቸው ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሲሰሙ ታሪኩ የእሳቸው እንዳልሆነ ያውቃሉ። ከአማካዩ ይልቅ አንድ ፈቃደኛ መሥራች ካሜራ ፊት ቢቀመጡ ይሻላል። «ምን ተሰማዎት?» ተብለው ከተጠየቁ የሚመልሱት «ደስ አለኝ» ብለው ነው። «ገንዘቡን ከየት አመጡት? ቤትዎ ውስጥ ማን ተቃወመ?» ሲባሉ ግን ታሪኩ ራሱ ይመጣል። የሚጠቅሱት ቀንና መጠን ከአክሲዮን መዝገቡ ጋር ይመሳከራል፤ ካልገጠመ ያ ክፍል ይቆረጣል።

ሦስተኛው ወደ ላይ የሚወጣው የካፒታል መስመር ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የባንክ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጎታል። ካፒታል የሚያድገው በአብዛኛው ባለአክሲዮኖች አዲስ አክሲዮን ሲገዙ ወይም ትርፋቸውን ሳይወስዱ ወደ አክሲዮን ሲያዞሩ ነው። ፊልሙ ይህን ዕድገት የአመራሩ ውጤት አድርጎ ካቀረበው፣ ለሰዎቹ የገዛ ገንዘባቸውን በስጦታ መልክ እያሳያቸው ነው። «ትርፋችሁን ሳትወስዱ እዚህ ትታችሁታል» ቢላቸው ግን ያው አኃዝ እውነትም ምስጋናም ይሆናል። የብር የመግዛት አቅም በወረደባቸው ዓመታት ደግሞ የድሮውንና የአሁኑን ብር ጎን ለጎን ማቆም ብቻውን አሳሳች ስለሆነ፣ ጽሑፉ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስታወስ አለበት።

ጽሑፉ ሲያልቅ ያለ ሙዚቃ ለሁለት ሰዎች ይነበብ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊው እያንዳንዱን አኃዝ ከተዘጋውና ኦዲት ከተደረገው ሒሳብ ጋር ያነጻጽራሉ። ድርጅቱ ውስጥ የማይሠራ አንድ ባለአክሲዮን ደግሞ የት ቦታ እንደሰለቸው ይናገራል። ብዙውን ጊዜ የሚሰለቸው ቅጽል የበዛበት ቦታ ነው።

ዓመቱ ክፉ ከነበረ ፊልሙ ራሱ ይናገረው። ትርፍ ቀንሶ ከሆነ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር መቀነሱን ጠቅሶ «ምክንያቱን ሰብሳቢው ያስረዳሉ» ብሎ መድረኩን ያስረክብ። ያን ጊዜ አዛውንቱ ሲነሡ ጥያቄያቸው ስለ ምክንያቱ ይሆናል፤ ካልሆነ ግን ስለ ተደበቀው ነገር መጠየቃቸው አይቀርም።