የትኛው ሱቅ ነው የሚጠየቀው? የአንድ የሞባይል ገንዘብ ጥናት ዘዴ ሲጻፍ

በማስተርስ ማሟያ ጽሑፍ ውስጥ የጥናቱ ዘዴ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ምዕራፍ ነው። ምዕራፉ የተሠራውን ሥራ በዝርዝር ይናገራል፤ ማን እንደተጠየቀ፣ ለምን እሱ እንደተመረጠ፣ ምን እንደተጠየቀና መልሱ እንዴት እንደተሰላ ያሳያል። ሌላ ተመራማሪ ምዕራፉን ብቻ አንብቦ ጥናቱን በዚያው ከተማ መድገም ከቻለ ምዕራፉ በደንብ ተጽፏል ማለት ነው። ብዙ ተማሪዎች ግን ገጹን የሚሞሉት ስለ ምርምር ዓይነቶች ከመማሪያ መጻሕፍት በተቀዳ ትርጓሜ ስለሆነ፣ የራሳቸው ጥናት በምን መንገድ እንደሄደ ሳይታወቅ ምዕራፉ ያልቃል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ቴሌብር አገልግሎት የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ጀምሯል። አንድ ተማሪ በባሕር ዳር የሚገኙ አነስተኛ ሱቆች ከደንበኞቻቸው ክፍያን በሞባይል ገንዘብ የሚቀበሉበትንና የማይቀበሉበትን ምክንያት ማጥናት ፈልጓል እንበል። ከዚህ በታች የሚመጡት የሱቆች ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው እንጂ የከተማዋ እውነተኛ አኃዝ አይደሉም።

ንድፉን የሚወስነው ጥያቄው ነው

በዚህ ርዕስ ላይ ሦስት ዓይነት ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። የመጀመሪያው ከሱቆቹ ስንት በመቶው በሞባይል ይቀበላሉ የሚል ነው። ሁለተኛው የሚቀበሉት ከማይቀበሉት በምን ይለያሉ የሚል ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ በሞባይል መቀበል ሽያጭን ጨምሯል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ወቅት ብቻ የሚካሄድ የዳሰሳ ጥናት ይበቃል። ለሦስተኛው ግን አይበቃም። በሞባይል የሚቀበሉት ሱቆች ብዙ ሸጠው ቢገኙ፣ ቀድሞውንም ትልልቅና ደንበኛ የበዛላቸው ስለነበሩ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የተሰበሰበ መረጃ የቱ ከየቱ እንደቀደመ መለየት አይችልም።

ይህን ችግር ለመወጣት ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ የኬንያው ተሞክሮ ያሳያል። ኤም-ፔሳ ኬንያ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ታቭኒት ሱሪ እና ዊልያም ጃክ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች አገልግሎቱ በድህነት ላይ ያመጣውን ለውጥ ለማወቅ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ቤተሰቦችን እየተመላለሱ ጠይቀዋል። ተጠቃሚውን ከማይጠቀመው ጋር እንዲሁ በማወዳደር አልረኩም፤ በየቤተሰቡ አካባቢ የወኪሎች ቁጥር ምን ያህል እንደጨመረ መሠረት አድርገው ለውጡን መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ኤም-ፔሳ 194,000 የሚሆኑ ቤተሰቦችን፣ ማለትም ከኬንያ ቤተሰቦች 2 በመቶውን፣ ከድህነት እንዳወጣ ገመቱ። ጥቂት ወራት ብቻ ያለው የማስተርስ ተማሪ ይህን መሥራት አይችልም። ስለዚህ የባሕር ዳሩ ጥናት በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይወሰናል፤ ምዕራፉም ንድፉ የአንድ ወቅት የዳሰሳ ጥናት መሆኑንና ውጤቱ ተያያዥነትን እንጂ መንስኤን እንደማያረጋግጥ በግልጽ ይጽፋል። «ተጽዕኖ» የሚል ቃል በርዕሱ ላይ ካለ እዚህ ላይ መነሳት አለበት።

ናሙናው ከየት ይመጣል

ናሙና ከመወሰዱ በፊት የጥናቱ ሕዝብ ማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ያ ሕዝብ በስም ተዘርዝሮ የሚገኝበት መዝገብ ይፈለጋል፤ ይህ የናሙና ማዕቀፍ ይባላል። ለሱቆች ቅርቡ መዝገብ በንግድ ጽሕፈት ቤት ያለው የፈቃድ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ግን እንከን አለው። ፈቃድ የሌላቸው የጉልት ነጋዴዎች አይገኙበትም፤ በአንጻሩ ከተዘጉ የቆዩ ሱቆች ስማቸው ሳይፋቅ ሊኖር ይችላል። ስለሆነም የጥናቱ መደምደሚያ ስለ ባለ ፈቃድ ሱቆች ብቻ እንደሚናገር ይጻፋል።

በሞባይል ገንዘብ ጥናቶች ላይ በቀላሉ የሚፈጸመው ስህተት ዝርዝር ፍለጋውን ትቶ ወኪል ደጃፍ ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ መጠየቅ ነው። ወደ ወኪል የሚመጣው ሰው ገንዘብ ሊያስገባ ወይም ሊያወጣ ነው፤ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው የመጠየቅ ዕድሉ በወር አንዴ ብቅ ከሚለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አገልግሎቱን የማይጠቀም ሰው ደግሞ በዚያ አያልፍም። እንዲህ ከተሰበሰበ መረጃ «ከተጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ረክተዋል» የሚል ውጤት ቢወጣ አያስደንቅም፤ ያልረኩት ቀድመው ቀርተዋልና።

በሦስት ክፍለ ከተሞች 4,800 ባለ ፈቃድ ሱቆች አሉ ብለን እንነሳ። በአገራችን የማሟያ ጽሑፎች በብዛት የሚጠቀሙበት የታሮ ያማኔ ቀመር የሚከተለው ነው፦

```
n = N / (1 + N × e²)
n = 4800 / (1 + 4800 × 0.05²)
n = 4800 / 13 = 369.2
```

n የናሙናው መጠን፣ N የጥናቱ ሕዝብ ብዛት፣ e ደግሞ የሚፈቀደው የስህተት ልክ ነው። ስሌቱ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 370 ሱቅ ይሰጣል። ቀመሩ አጭር በመሆኑ ይወደዳል፤ በውስጡ የያዛቸው ግምቶች ግን አይታዩም። ቀመሩ የሚሠራው አንድን መቶኛ በ95 በመቶ ገደማ እርግጠኝነት ለመገመት ሲሆን፣ ሱቆቹ በዕጣ ተመርጠው ግማሾቹ ተቀባይ ግማሾቹ የማይቀበሉ ሆነው ቢገኙ እንኳ የስህተቱ ልክ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ያሰላል። ወኪል ደጃፍ ላይ ለተሰበሰበ ናሙና ይህን ቀመር መጥቀስ ትርጉም የለውም፤ ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ ያለ ዕጣ የመጣን አድልዎ አይፈውስም።

ከሚመረጡት መካከል መልስ የማይሰጡ ይኖራሉ። ከአሥሩ አንዱ አይመልስም ተብሎ ከታሰበ 370 ለ0.9 ተካፍሎ 412 ይሆናል። 412ቱ ለሦስቱ ክፍለ ከተሞች እንደ ሱቆቻቸው ብዛት ይከፋፈላሉ። 2,400 ሱቅ ካለው 206፣ 1,440 ካለው 124፣ 960 ካለው 82 ይወሰዳል። በየክፍለ ከተማው ለእያንዳንዱ ሱቅ ኮምፒውተር የዕጣ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ዝርዝሩ በዕጣው ቁጥር ቅደም ተከተል ይደረደርና ከላይ የሚፈለገው ያህል ይወሰዳል።

ከዚህ በኋላ የዕጣውን ዋጋ የሚያጠፋው መስክ ላይ የሚደረግ ለውጥ ነው። መረጃ ሰብሳቢው የተመረጠው ሱቅ ተዘግቶ ሲያገኘው ጎረቤቱን ጠይቆ ይመለሳል። ረፋድ ላይ ተዘግተው የሚገኙት ግን ምናልባት አንድ ሰው ብቻ የሚሠራባቸው ትንንሽ ሱቆች ናቸው፤ በጎረቤት ከተተኩ ናሙናው ሳይታወቅ ወደ ትልልቆቹ ያጋድላል። ስለዚህ ምዕራፉ ሦስት ጊዜ በተለያየ ሰዓት ከተሞከረ በኋላ ሱቁ «አልተገኘም» ተብሎ እንደተመዘገበ ይጽፋል፤ ስንቱ እንደተገኘ፣ ስንቱ እንደተዘጋ፣ ስንቱ እምቢ እንዳለም በቁጥር ያስቀምጣል።

ምን ተብሎ ይጠየቃል

«ቴሌብር ይጠቀማሉ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ባለ ሱቁ «አዎ» ቢል ግን ሦስት ነገር ማለቱ ሊሆን ይችላል። በግል ስልኩ ካርድ ይሞላ ይሆናል፤ ደንበኞች ወደ ግል ቁጥሩ ይልኩለት ይሆናል፤ ወይም የነጋዴ ሂሳብ ከፍቶ የክፍያ ኮዱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ይሆናል። ኮድ ተለጥፎም ማንም የማይከፍልበት ሱቅ አለ። በመሆኑም ዋናው ተለዋዋጭ በግልጽ ይበየናል፤ ለምሳሌ «ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከደንበኛ የዕቃ ዋጋ በሞባይል ገንዘብ የተቀበለ ሱቅ» ተብሎ። የግል ቁጥርና የነጋዴ ሂሳብ ለየብቻ ይጠየቃሉ።

አመለካከትን ለመለካት ብዙዎች የሚመረኮዙት ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው የቴክኖሎጂ ተቀባይነት ሞዴል ላይ ነው፤ ሞዴሉ ሰዎች አዲስ ቴክኖሎጂን የሚቀበሉት ይጠቅመኛል፣ አያስቸግረኝም ብለው ባሰቡት መጠን ነው ይላል። ተጠያቂው ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» ባሉ አምስት ደረጃዎች ይመልሳል። ጥያቄዎቹ ወደ አማርኛ ከተተረጎሙ በኋላ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉማቸዋል፤ ሁለቱ ካልተገናኙ ጥያቄው ይስተካከላል። ከናሙናው ውጭ ባሉ ጥቂት ሱቆች ላይም ይሞከራል። አንድን ሐሳብ የሚለኩ ጥያቄዎች አብረው መሄዳቸው በክሮንባህ አልፋ ይታያል፤ 0.70 እና ከዚያ በላይ በልምድ በቂ ይባላል። አልፋ ግን ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን እንጂ የታሰበውን ነገር መለካታቸውን አይናገርም።

ሽያጭ ሲጠየቅ ባለ ሱቁ የግብር ሰው የመጣበት ሊመስለው ይችላል፤ ያኔ ቁጥሩን ይቀንሳል። ትክክለኛውን ብር ከመጠየቅ ይልቅ በእርከን ማስመረጥ ይሻላል። የስልክ ቁጥርና የሂሳብ መልእክት አለመመዝገቡ፣ ፈቃደኝነት እንዴት እንደተጠየቀና ወረቀቱ የት እንደሚቀመጥ እዚሁ ይጻፋል።

ትንተናው

የሚብራራው ነገር «ይቀበላል» ወይም «አይቀበልም» የሚል ሁለት መልስ ብቻ ስላለው ተስማሚው ስሌት ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ነው። የባለ ሱቁ ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የሱቁ መጠን፣ የኔትወርክ ሁኔታና የአመለካከት ነጥቦች አንድ ላይ ገብተው እያንዳንዱ ከመቀበል ጋር ያለው ዝምድና ሌሎቹ እንዳሉ ሆነው ይሰላል። ስንት ተለዋዋጭ ማስገባት እንደሚቻል የሚወስነው ከሁለቱ መልሶች ያነሰው ነው። በልምድ በተያዘው ሚዛን ለአንድ ተለዋዋጭ ቢያንስ አሥር ያህል ያስፈልጋል። ከ370 ሱቆች የማይቀበሉት 40 ብቻ ከሆኑ ከአራት በላይ ተለዋዋጭ ማስገባት ውጤቱን ያናጋዋል፤ 370 የሚለው ቁጥር እዚህ ላይ አያድንም።

ውጤቱ ሲነበብም መጠንቀቅ ያሻል። የዕድል ንጽጽሩ 2 ወጣ ማለት የመቀበል ዕድሉ እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም። ከመቶ ሱቅ 60ው የሚቀበል ከሆነ የሚቀበሉት ለማይቀበሉት 60 ለ40፣ ማለትም 1.5 ነው። ይህ በሁለት ተባዝቶ 3 ሲሆን 75 ለ25 ይሆናል። ስለዚህ ለውጡ ከ60 ወደ 75 በመቶ ነው። ምዕራፉ ውጤቱ በየትኛው መንገድ እንደሚቀርብ አስቀድሞ ቢገልጽ ቀጣዩ ምዕራፍ አይሳሳትም።

ከአኃዙ ቀጥሎ በሞባይል መቀበል ጀምረው ካቆሙ ጥቂት ባለ ሱቆች ጋር ቃለ መጠይቅ ማድረግ ይጠቅማል። እነዚህ በዕጣ ሳይሆን ሆን ተብሎ ይመረጣሉ፤ የመምረጫው መስፈርትና መልሶቻቸው በምን ርዕሰ ጉዳዮች እንደተመደቡ ይገለጻል።

ፈታኝ ምዕራፉን የሚፈትሽባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። እያንዳንዱ የምርምር ጥያቄ በየትኛው የመጠይቅ ክፍል እንደተለካና በየትኛው ስሌት እንደተመለሰ በአንድ ሠንጠረዥ ቢቀመጥ፣ ክፍት የቀረ ጥያቄ ወይም ማንም ያልጠየቀው ስሌት ወዲያው ይታያል። እዚህ 370 ተብሎ የውጤቱ ምዕራፍ 352 ሱቅ ካቀረበ የ18ቱ ጉዳይ መብራራት አለበት። «መረጃው ይሰበሰባል» የሚል ዐረፍተ ነገር ከተገኘም ከጥናቱ ዕቅድ ላይ ሳይታረም የመጣ መሆኑን ያሳብቃል፤ በተጠናቀቀ ጽሑፍ ውስጥ ዘዴው የሚጻፈው በኃላፊ ጊዜ ነው።