የሥራ ሰዓት ለውጥ ለሠራተኞች ሲገለጽ በማስታወቂያው ሊካተቱ የሚገባቸው ነጥቦች

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። አሠሪው በዚህ ወሰን ውስጥ የመግቢያ ሰዓት ሲለውጥ ማስታወቂያው ለክርክር በር መክፈት የለበትም።

ለአብነት በጫግኒ ከተማ የሚገኝ አንድ ድርጅት የመግቢያ ሰዓቱን ከ2፡30 ወደ 2፡00 ቢያመጣ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«ደንበኞች ማለዳ ተሰልፈው ስለሚጠብቁ፣ ከሰኞ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መግቢያ ከጠዋቱ 2፡00፣ መውጫ ከቀኑ 11፡00 ሰዓት ይሆናል። የምሳ ዕረፍት ከ6፡00 እስከ 7፡00 ነው። የቀን ሥራ እንደቀድሞው 8 ሰዓት ነው። የሌሊት ጥበቃ ሠራተኞችን አይመለከትም። ልጃቸው አንድ ዓመት ያልሞላው እናቶች ልጁ ዓመት እስኪሞላው በቀድሞው ሰዓት ይሠራሉ።»

ዕለቱና ቀኑ አብረው መጻፋቸው ስሕተት ቢኖር ወዲያው እንዲታይ ያደርጋል። «በቅርቡ» ወይም «ከሚቀጥለው ወር» ቢባል ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ በየራሱ ይተረጉመዋል። «የሥራ ጠባያቸው የማይፈቅድላቸው» የሚል ልዩ ሁኔታም ማንን እንደሚመለከት ስለማይለይ፣ የሥራ መደቡና የሚያበቃበት ጊዜ ተለይቶ ሊጠቀስ ይገባል።

በፈቃድ ላይ ያሉ ሠራተኞች ማስታወቂያ ሰሌዳውን ስለማያዩ ደብዳቤው በፊርማ ይሰጣቸዋል።