ከ43 በኋላ ስንት ያስፈልጋል?

የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲታደል ከየትምህርቱ ስም ትይዩ ሦስት ሣጥን አለ፦ 1ኛ ሴሚስተር፣ 2ኛ ሴሚስተር፣ አማካይ። በዚያ ሰሞን የተሞላው የመጀመሪያው ብቻ ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በሒሳብ 43 አግኝታ ቁጥሩ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ መጣ እንበል። ቤት ስትገባ የሚጠብቃት ቃል የታወቀ ነው፤ «በርቺ፣ በሚቀጥለው ታሻሽያለሽ» ትባላለች። ስንት ብታመጣ እንደሚበቃት የሚነግራት ግን እምብዛም አይገኝም። ስሌቱ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ የሚሠራው ስለሌለ ነው።

በየቤቱ የሚሰማው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው። ማለፊያው 50 ስለሆነ «ሁለተኛው ላይ 50 ካመጣች አለፈች» ይባላል። አላለፈችም። 43 እና 50 ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል 46.5 ነው። ሁለተኛው ሴሚስተር የራሱን 50 ከመሙላት አልፎ የመጀመሪያውን ጉድለትም መሸፈን አለበት።

ሁለቱ ሴሚስተሮች እኩል ሲያዙ፣ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት እንደሚደረገው፣ ስሌቱ አንድ መስመር ነው። የሚፈለገውን የዓመት ውጤት በሁለት አባዝቶ የመጀመሪያውን ሴሚስተር መቀነስ ነው። የልጅቷ ማለፊያ 50 ስለሆነ ሁለት ጊዜ 50፣ 100 ይሆናል፤ ከዚያ 43 ሲቀነስ 57 ይቀራል። በሌላ አነጋገር፣ ከማለፊያው 7 ከጎደላት ሁለተኛው ላይ ከማለፊያው 7 ማለፍ አለባት። ይህ ሁለተኛው አባባል ይበልጥ መያዝ አለበት፤ ሚዛኑ እኩል ባልሆነ ጊዜ የሚያገለግለው እርሱ ነውና።

ሚዛን የሚለያይበት ምክንያት አለ። እንደ ሒሳብና ቋንቋ ባሉ ትምህርቶች የሁለተኛው ሴሚስተር ምዕራፎች በመጀመሪያው ላይ የሚገነቡ ናቸው፤ በሰኔ የሚፈተን ተማሪ የጥሩንም አብሮ ይፈተናል። ስለዚህ ዘግይቶ የታየው ችሎታ የበለጠ ይመዝን የሚሉ መምህራን ጥቂት አይደሉም። በኦስትሪያ ይህ በደንብ የተጻፈ ነው፤ የዓመቱ ውጤት ሲወሰን ተማሪው በመጨረሻ ለደረሰበት ደረጃ የበለጠ ክብደት እንዲሰጥ ይታዘዛል።

እንግዲህ የዚያችው ተማሪ ትምህርት ቤት ለመጀመሪያው ሴሚስተር 40 በመቶ፣ ለሁለተኛው 60 በመቶ ይሰጣል እንበል። ጉድለቷ ያው 7 ነው። ይህን 7 በመጀመሪያው ክብደት ማባዛት፣ በሁለተኛው ክብደት ማካፈል ነው፦ 7 ሲባዛ በ40፣ ሲካፈል ለ60፣ 4.67 ገደማ ይሆናል። ከ50 ላይ ሲደመር 54.67 ነውና 55 ይበቃታል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የ43 አርባ በመቶ 17.2 ነው፤ የ55 ስልሳ በመቶ 33 ነው፤ ድምሩ 50.2 ይሆናል። ክብደቱ ተገልብጦ የመጀመሪያው 60፣ ሁለተኛው 40 ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ በአንድ ተኩል ይባዛል፤ 10.5 ይሆንና የሚያስፈልጋት 60.5 ይደርሳል። አንድ ዓይነት ካርድ፣ አንድ ዓይነት 43፣ ነገር ግን እንደ ሚዛኑ 55 ወይም 57 ወይም 60.5። የሚዛኑን ድርሻ ሳይጠይቅ የሚያሰላ ሰው ከእነዚህ የቱን እንደያዘ አያውቅም።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ሴሚስተሩ ውስጥ ገብቶ መከፋፈል ያስፈልጋል። ተከታታይ ምዘናው ከ40፣ የማጠቃለያ ፈተናው ከ60 በሚያዝበት ክፍል ልጅቷ እስከ ግንቦት በክፍል ሥራ፣ በአጭር ፈተናና በቤት ሥራ 22 ሰብስባ ከሆነ፣ ሴሚስተሮቹ እኩል ከተያዙ፣ ለ57 የቀራት 35 ነው። ከ60 ጥያቄ 35 መመለስ የሚጨበጥ ግብ ነው። ተከታታይ ምዘናውን ችላ ብላ 10 ብቻ ይዛ ብትገባ ግን ከ60 ውስጥ 47 ይጠበቅባታል። በየካቲትና በመጋቢት የሚጣሉት ትናንሽ ነጥቦች በሰኔ የሚያስከፍሉት ይህን ያህል ነው።

ስሌቱ የማይቻለውንም በጊዜ ይናገራል። ዓመቱን በ85 መጨረስ የሚፈልግ ተማሪ፣ ሚዛኑ እኩል ከሆነ፣ በመጀመሪያው 72 ካገኘ በሁለተኛው 98 ያስፈልገዋል። በ70 ከጀመረ መቶውን ሙሉ ማምጣት አለበት። በ69 የጀመረ 101 ይጠየቃል፤ ያ ደግሞ የለም። ይህን በየካቲት ያወቀ ተማሪ ግቡን ወደ 80 ዝቅ አድርጎ 91 ለማምጣት ይሠራል፤ ያላወቀው በሰኔ ካርዱን ይዞ ያዝናል። በ40 እና በ60 ሚዛን ግን ያው 69 አግኝቶ የጀመረ ተማሪ 95.67 ካመጣ 85 ይደርሳል።

በዩኒቨርሲቲ ደግሞ እኩል ያልሆነ ሚዛን የተለመደ ነው፤ ብዙ ተማሪ ግን እንደ እኩል ያሰላዋል። የዓመቱ ሲጂፒኤ የሁለቱ ሴሚስተሮች ጂፒኤ ተደምሮ ለሁለት የተካፈለ አይደለም፤ እያንዳንዱ በክሬዲት አወሩ ይመዝናል። አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር 16 ክሬዲት ወስዶ 1.75 አገኘ፤ በሁለተኛው 20 ክሬዲት ይወስዳል፤ ግቡ ለመመረቂያ የሚጠየቀው 2.00 ነው። ጉድለቱ 0.25 ነው። ይህ በ16 ተባዝቶ ለ20 ሲካፈል 0.20 ይሆናል፤ ስለዚህ 2.20 ያስፈልገዋል። ሲመረመርም፣ 1.75 በ16 ክሬዲት 28 ነጥብ ነው፤ 2.20 በ20 ክሬዲት 44 ነጥብ ነው፤ 72 ነጥብ ለ36 ክሬዲት ሲካፈል ልክ 2.00 ይመጣል። የክሬዲቱ ቁጥር ቢገለበጥ፣ ማለትም የመጀመሪያው 20፣ ሁለተኛው 16 ቢሆን፣ ቢያንስ 2.32 ማምጣት ይኖርበታል። ከባድ ሴሚስተር ላይ የወደቀ ነጥብ በቀላል ሴሚስተር የማይነሣው ለዚህ ነው።

ማስጠንቀቅ የሚገባው አንድ ነገር የክፍልፋይ ጉዳይ ነው። 49.5 በአንድ ትምህርት ቤት ሮስተር ላይ ወደ 50 ከፍ ሊል፣ በሌላው እዚያው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ነጥብ ሲሰላ ክፍልፋይ ከወጣ ሁልጊዜ ወደ ላይ መያዝ ነው፤ 54.67 ሲገኝ ግቡ 55 እንጂ 54 አይደለም።

ካርዱን የሚፈርሙ ወላጆች በዚያው ዕለት የክፍል ተጠሪ መምህሩን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ሁለቱ ሴሚስተሮች በስንት በስንት እንደሚያዙ፣ የሁለተኛው ተከታታይ ምዘናና ማጠቃለያ ፈተና ከስንት ከስንት እንደሆኑ። ከዚያ ለልጃቸው ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ ልጁ የሚያውቀው ግብ ያ ቁጥር ይሁን።