«መሬት ለአራሹ» እና ማሰሪያ ያጣው መስመር

በቆቦና በራያ ቆላ ያላችሁ አዲስ አንባቢዎች፣ እርሳስና ደብተራችሁን አቅርቡ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አጭር መስመር ነው። አንድ መስመር ሳያልቅ ሲቀር፣ ጸሐፊው ሆን ብሎ ነው የተወው ወይስ ተሳስቶ? ይህን በምን እንለያለን?

እስቲ በመጀመሪያ ይህችን በደብተራችሁ ጻፉ።

መሬት ለአራሹ

ሁለት ቃል ብቻ ናት። በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው ይህንኑ አስተጋቡ። አሁን ቃላቱን ተመልከቱ። «መሬት» ስም ነው። «ለአራሹ» የሚለው ለማን እንደሆነ ይነግረናል። ግን ምን ይሁን? ይሰጥ? ይመለስ? አልተጻፈም።

በአማርኛ ዓረፍተ ነገርን የሚዘጋው ቃል መጨረሻ ላይ ይመጣል። የሰዋስው መምህራን ማሰሪያ አንቀጽ ይሉታል። ስሙ ጥሩ ስም ነው። ግመል ስትጭኑ ጆንያው ይቀድማል፣ ገመዱ ኋላ ይመጣል። ገመዱ ካልታሰረ ጭነቱ መንገድ ላይ ይፈታል። «ገበሬው ማሽላውን ወደ ገበያ ወሰደ» ስንል «ወሰደ» ገመዱ ነው። «መሬት ለአራሹ» ግን ገመድ የለውም።

ታዲያ ስሕተት ነው? አይደለም። ይህን መስመር ለአሥር ሰው ብታነቡላቸው አንዱ «ይሰጥ» ይላል፣ ሌላው «ይሁን»፣ ሌላው «ይገባል» ይላል። ቃሉ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። «ለአራሹ አይሰጥ» ብሎ የሚሞላው አይገኝም። አንባቢው ራሱ ገመዱን ያስራል፣ ሁሉም በአንድ ወገን ያስራሉ። ጸሐፊው ማሰሪያውን የተወው ስለማያስፈልግ ነው። መስመሩም አጭር በመሆኑ ለጩኸት ይመቻል።

ነገር ግን አንዲት ፊደል ብትጎድልስ? «መሬት አራሹ» ብላችሁ ጻፉ። አሁን ማንም ሊሞላው አይችልም። መሬቱ ከአራሹ ጋር በምን እንደተያያዘ የምትነግረን «ለ» ነበረች። እርሷ ስትቀር መስመሩ በእርግጥ ስሕተት ይሆናል። «መሬት ላራሹ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን አልተሳሳተም፤ አፋችን «ለ»ን እና «አ»ን አጋጥሞ እንደሚናገረው ጻፈው እንጂ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ መስመር እንሻገር። እንበል፣ በቆቦ ዙሪያ ካለ አንድ መንደር አንዲት እናት ለልጃቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ልጁ አሥር ኩንታል ማሽላ ይዞ ቆቦ ከተማ አክስቱ ቤት ሰንብቷል። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ አዝመራ የሚገባበት ስለሆነ ዋጋው ዝቅ ይላል። ክረምት ሲቃረብ ይወደዳል። እናት እንዲህ ብለው ጻፉ።

ማሽላውን ሳትሸጥ።

አራት ነጥብም አድርገዋል። ልጁ አነበበና ግራ ገባው። «እትዬ፣ እናቴ ምን እያለችኝ ነው?» ብሎ አክስቱን ጠየቀ። አክስቱ «ማሽላውን ሳትሸጥ ና፣ ዋጋው እስኪወጣ ይቆይ ማለቷ ነዋ!» አሉ። ጎረቤት ደግሞ «የለም የለም፣ ማሽላውን ሳትሸጥ እንዳትመጣ፣ ገንዘቡ ተፈልጓል ማለታቸው ነው» አለ። እንግዲህ ልብ በሉ። አንዱ አትሽጥ ይላል፣ ሌላው ሽጥ ይላል። መስመሩ ሁለቱንም እኩል ይቀበላል። አሥር ኩንታል ማሽላ በአንዲት ባልተጻፈች ቃል ላይ ቆመ።

ይህ እንግዲህ ስሕተት ነው። ስሕተት ያሰኘው ማሰሪያው መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ «መሬት ለአራሹም» ማሰሪያ የለውም። ስሕተት ያሰኘው ሁለት አንባቢዎች በተቃራኒ ወገን ሊያስሩት መቻላቸው ነው። አራት ነጥቡም አላዳነውም። አራት ነጥብ ያለቀ ዓረፍተ ነገርን ያሳያል እንጂ ያላለቀውን አይጨርስም።

መፈተኛው እንግዲህ እንዲህ ነው። መስመሩን ድምፅ አሰምታችሁ አንብቡና የጎደለውን ቃል ጻፉ። የጻፋችሁትን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ለሌላ ሰው ስጡ፣ እርሱም ይሙላ። ሁለታችሁ አንድ ሐሳብ ከጻፋችሁ መስመሩ ይቁም። ከተለያያችሁ ግን ጸሐፊው ሆን ብሎም ቢሆን ማሰሪያውን ይጻፍ፤ እኔ ያወቅሁት በልቤ አለ ማለት ለአንባቢ አይጠቅመውም።

ቀጥላችሁ በዙሪያው ያሉትን መስመሮች እዩ። በእናትየው ደብዳቤ ቀጣዩ መስመር «እንዳትመጣ።» የሚል ቢሆን ኖሮ፣ ስሕተቱ አራት ነጥቡ ያለቦታው መግባቱ ብቻ ነበር።

የመጨረሻውን ቃልም መርምሩ። «ሳትሸጥ»፣ «ሲመለስ»፣ «ተቀብለህ»፣ «ስለታመመች» የመሳሰሉት ብዙውን ጊዜ ሌላ ቃል ይጠብቃሉ። አንባቢው «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። በእነዚህ ላይ የሚቆም መስመር አብዛኛውን ጊዜ የተረሳ መስመር ነው። አብዛኛውን ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም። በአጥር ላይ «ብትነካው!» ተብሎ ቢጻፍ ቀሪውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ወዮልህ ነው። ቃል አጋኖውም ይመሰክራል። «ምን ሆነህ?» ብለን ስንጠይቅም ማንም ጎደለ አይለንም።

ቦታም ማሰሪያ ይሆናል። «ጤፉ ለአክስትሽ» የሚል ወረቀት በጆንያ አፍ ላይ ቢታሰር ይበቃል፤ ጆንያው ራሱ «ይሰጥ» ይላል። ይኸው መስመር በደብዳቤ ውስጥ ሲገባ ግን ተሰጠ ነው ወይስ ይሰጥ? ዕዳ ያለበት ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። በደብዳቤ መጨረሻ የምንጽፈው «ከሰላምታ ጋር» ደግሞ ማሰሪያ የለውም፣ አያስፈልገውምም።

ሕግ ግን እንዲህ ባለ አጭር መስመር አይሠራም። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ «መሬት ለአራሹ» ብሎ ብቻ ሊቆም አልቻለም። መሬቱ የማን እንደሚሆን፣ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንደማይዝ፣ መሸጥና ማከራየት እንደማይቻል እያንዳንዱን በማሰሪያ መዝጋት ነበረበት። በጩኸት ጊዜ ሁሉ የሚስማማበት መስመር፣ መሬት ሲለካ ስንት? ከማን? የሚል ጥያቄ ይወልዳልና ነው።

የእናትየውን መስመር አሁን እናስተካክለው። ዋጋ እስኪወጣ ማቆየት ከፈለጉ «ማሽላውን ሳትሸጥ ና» ይበሉ፤ ገንዘብ ከቸገራቸው «ማሽላውን ሳትሸጥ እንዳትመጣ»። ሁለቱንም በደብተራችሁ ጻፉና ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

ለቤት ሥራ ሁለት መስመሮች እነሆ። አንዱ በመንገድ መገንጠያ ላይ የቆመ «ወደ ወልዲያ» የሚል ጽሑፍ ነው። ሌላው በደብዳቤ ውስጥ የተገኘ «ገንዘቡን ከአጎትህ ተቀብለህ።» የሚል ነው። የትኛው ይቁም፣ የትኛው ይታሰር? ከአጠገባችሁ ካለ ሰው ጋር ሙሉና ተያዩ። ደኅና ሰንብቱ።