ድንጋይ የሚፈነቅለው ዲጂኖ

200 ኪሎ የሚመዝን ጠፍጣፋ ድንጋይ መሬት ላይ ተጋድሟል። አንድ ጎልማሳ በባዶ እጁ ቢታገለው ወገቡን ያማል እንጂ ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም። ሠራተኛው ግን የዲጂኖውን ጫፍ ከድንጋዩ ሥር ሸጉጦ፣ ከዲጂኖው በታች ትንሽ ድንጋይ ያስደግፍና ሌላኛውን ጫፍ ቁልቁል ይጫናል። የድንጋዩ ጠርዝ ከመሬት ይላቀቃል።

በፊዚክስ ዲጂኖው እዚህ መፈንቅል ነው። ትንሿ ድንጋይ መደገፊያው ናት፤ ዘንጉ የሚዞረው በእሷ ላይ ነው።

ድካሙን የሚያቀለው የርቀቶቹ ልዩነት ነው። የሚነሳው አንዱ ጠርዝ ብቻ ስለሆነ የክብደቱን ግማሽ ያህል በወዲያኛው ጠርዝ በኩል መሬቱ ይሸከመዋል፤ ለዲጂኖው የሚተርፈው 100 ኪሎ ገደማ ነው። መደገፊያው ከድንጋዩ 15፣ ከሠራተኛው እጅ ደግሞ 150 ሳንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። በአንድ ወገን 100 በ15 ሲባዛ 1500 ይሆናል። በሌላው ወገን 10 በ150 ሲባዛም ያው 1500 ነው። ስለዚህ 10 ኪሎ ያህል ግፊት 100 ኪሎውን ይመክታል፤ ትንሽ ሲታከልበት ያነሳዋል። ይህን ሕግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የሰራኩሱ አርኪሜዲስ በጂኦሜትሪ አረጋግጦታል።

ታዲያ የቀረው 90 ኪሎ በነፃ አልተገኘም። እጅ 50 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ጠርዙ ከፍ የሚለው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በጉልበት የተቆጠበው በመንገድ ርዝመት ይከፈላል፤ የተሠራው ሥራ ግን አይቀንስም። ድንጋይ የሚያነሱ ሰዎች ጠርዙ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ጠጠር ወይም እንጨት ከሥሩ የሚወትፉትም ለዚህ ነው። ከዚያ መደገፊያውን ከፍ አድርገው እንደገና ይጫናሉ።

ያለ መደገፊያ ድንጋይም ይቻላል። የዲጂኖው ጫፍ መሬት ይረግጥና ጠርዙ ከጫፉ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ካረፈ፣ ከጫፉ 165 ሳንቲ ሜትር ላይ የያዘው እጅ ወደ ላይ ሲያነሳ ጉልበቱ 11 እጥፍ ይሆናል። በስሌት ይህኛው ይበልጣል፤ በተግባር ግን ቁልቁል መጫኑ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ሰው የራሱን ክብደት ሊጥልበት ይችላል። ሽቅብ ሲሆን ሸክሙ ወገብና ክንድ ላይ ይወድቃል።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው መደገፊያው ነው። በእኛ ምሳሌ የድንጋዩ 100 እና የሠራተኛው 10 ኪሎ ተደምረው የሚያርፉት በእሱ ላይ ነው። አፈሩ እርጥብ ከሆነ ይሰምጣል። እጅ እየወረደ ድንጋዩ ካልተነሳ፣ ወይ መደገፊያው እየገባ ነው፣ ወይ ዘንጉ እየጎበጠ ነው። ለመጀመሪያው ችግር ከመደገፊያው ሥር ሰፊ ጣውላ ማንጠፍ ይበቃል፤ ለሁለተኛው ወፈር ያለ ዲጂኖ ያስፈልጋል።